ከቢቸና እስከ እህል በረንዳ፦ ስለ ባርኮድ፣ አርኤፍአይዲና ጂፒኤስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጎጃም እህል ጭኖ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ሻጮች ደግሞ መልስ አያጡም። አንዱ ባርኮድ ግዛ ይላል፣ ሌላው ጂፒኤስ፣ ሦስተኛው አርኤፍአይዲ ካላስገባህ ዘመኑ አምልጦሃል ይላል። እዚህ ጥያቄዎቹን የምንመልሰው አንድ የማሳያ ጭነት ይዘን ነው። 60 ኩንታል ነጭ ጤፍ በ60 ጆንያ፣ በአንድ አይሱዙ፣ ከቢቸና መጋዘን ተነስቶ፣ በደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ መርካቶ እህል በረንዳ የሚራገፍ።

ሦስቱ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንዱ ካለኝ ሌላው ለምን ያስፈልገኛል?

የሚያዩት ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። ባርኮድ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ያውም ሰው ስልኩን አስጠግቶ ባነበበባት ቅጽበት ብቻ። አርኤፍአይዲ የሚያየው ጆንያው ላይ ያለችውን ታግ፣ ማለትም ቺፕ ያለባትን ትንሽ መለያ ነው፤ ታጓ አንባቢ መሣሪያው አጠገብ ስታልፍ በሬዲዮ ሞገድ ቁጥሯን ትናገራለች። ጂፒኤስ የሚያየው መኪናውን ነው፤ በትክክል ለመናገር መኪናው ላይ የታሰረችውን ትንሽ ሳጥን።

አንዳቸውም ጤፉን አያዩም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው። ካርታው ላይ መኪናው ሲንቀሳቀስ እያየን ጤፉ አብሮ እየሄደ ነው ብለን እናምናለን።

ባርኮዱን ጆንያው ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተልጦ ይወድቃል። ምን ይሻላል?

አትለጥፉት፣ ስፉት። የማዳበሪያ ጆንያ በፕላስቲክ ክር የተሸመነ ነው፤ ላዩ ሸካራ ነው፣ በዚያ ላይ የእህል አቧራ አለበት። ሙጫው የሚይዘው አቧራውን እንጂ ጆንያውን አይደለም። የጆንያው አፍ ሲሰፋ ወረቀቱን አብሮ ማስገባት ነው መፍትሔው፤ ጫፉ ክሩ ሥር ይገባል፣ ኮዱ ያለበት ወገን ወጣ ብሎ ይንጠለጠላል። እንዲህ ሲሆን ሌላም ጥቅም አለው፦ ወረቀቱን ለማውጣት የፈለገ ሰው ወይ መቅደድ ወይ ስፌቱን መፍታት አለበት። ሁለቱም ዱካ ይተዋሉ።

ኅትመቱንም እዩት። እንደ ሱቅ ደረሰኝ በሙቀት ብቻ የሚጠቁር ወረቀት ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። በሪባን የሚታተመው ይቆያል። ከተራው መስመር መስመር ባርኮድ ይልቅ ኪውአር ኮድ ብትጠቀሙ ደግሞ ለእኛ ሥራ ይሻላል፤ ከፍተኛው የማረሚያ ደረጃ ተመርጦ ከታተመ ከኮዱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ቢበላሽ እንኳ ሊነበብ ይችላል። ከኮዱ ሥር ቁጥሩን በዓይን በሚነበብ መጠን ጻፉበት። ጭቃ የነካው ቀን በእጅ ትመቱታላችሁ።

ዋናው ግን ቁጥሩ ነው። «ነጭ ጤፍ» የሚል አንድ ዓይነት ኮድ በ60 ጆንያ ላይ ካተማችሁ የመጋዘኑ ጸሐፊ አንዱን ጆንያ 60 ጊዜ አንብቦ ቢጨርስ ሲስተሙ አያውቅበትም። ለእያንዳንዱ ጆንያ የራሱ ተራ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ከ001 እስከ 060። ያኔ ድጋሚ የተነበበ ቁጥር ወዲያው ይታወቃል።

ባርኮዱ ከተነበበ ጆንያው ተጭኗል ማለት አይደለም?

አይደለም። ባርኮዱ ተነቧል ማለት ብቻ ነው። የት ቆመው እንዳነበቡት ሁሉን ይወስናል። ብዙ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጆንያው ገና ክምሩ ላይ እያለ ይነበባል፣ ከዚያ ጫኞቹ ይወስዱታል። በንባቡና በመጫኑ መሃል ያለው ጊዜ የማንም አይደለም። ንባቡ መሆን ያለበት መኪናው ኋላ፣ ጆንያው ከጫኙ ትከሻ ወደ ካሳው ሲወርድ ነው። ቦታው ይጨናነቃል፣ ፀሐይ አለ፣ ጫኞቹም ያጉረመርማሉ። ይሁን።

ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ከካርታው ይጠፋል። ሹፌሩ እያጠፋው ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ይህን ለመረዳት ሳጥኗ ሁለት የተለያየ ሥራ እንደምትሠራ ማወቅ ይበቃል። አንደኛ፣ ከሳተላይት ምልክት ተቀብላ ያለችበትን ታሰላለች። ሳተላይቶቹ ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቢያንስ አራቱ መታየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ያሰላችውን በውስጧ ባለው ሲም ካርድ፣ በተራው የስልክ ኔትወርክ ወደ ሰርቨር ትልካለች። ሳተላይቱ ስለ መኪናችሁ የሚያውቀው ነገር የለም፤ መልእክቱን ይዞ የሚመጣው ቴሌ ነው።

ከደጀን ወርዶ ጎሃ ጽዮን እስኪወጣ ባለው መንገድ ሰማዩ ብዙ ቦታ ክፍት ነው። የሚቸግረው በአብዛኛው ኔትወርኩ ነው። ደህና የሆነች ሳጥን ኔትወርክ ስታጣ ነጥቦቹን ማስታወሻዋ ላይ ታስቀምጣለች፤ ኔትወርክ ስታገኝ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ትልካለች። ስለዚህ መኪናው ጠፋ ብሎ ወዲያው ሹፌሩ ላይ ከመጮህ ወጥቶ ኔትወርክ እስኪያገኝ ጠብቁና ዝርዝሩን አውርዱ። ሁለት የሰዓት ዓምዶች ታገኛላችሁ፦ አንዱ ቦታው የተወሰደበት፣ ሌላው ሰርቨሩ የተቀበለበት።

```
fix_time              recv_time             km/h
2025-01-14T09:12:00Z  2025-01-14T09:12:04Z  31
2025-01-14T09:14:00Z  2025-01-14T09:51:20Z  28
2025-01-14T09:16:00Z  2025-01-14T09:51:20Z  26
```

የመጀመሪያው ነጥብ በ4 ሰከንድ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን በየሁለት ደቂቃው ተወስደው ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በ09:51:20 ገብተዋል። ይህ የኔትወርክ መጥፋት ነው፤ መኪናው ሲሄድ ነበር፣ ወሬው ነው የዘገየው።

የሚያሳስበው ሌላው ዓይነት ነው። ኔትወርክ ከተመለሰ በኋላም የመሃሉ ነጥብ ካልመጣ ሳጥኗ ወይ ሳተላይት አላየችም ወይ ኃይል አልነበራትም። ብዙዎቹ ሳጥኖች ከመኪናው ባትሪ የሚያገኙትን ቮልት ይመዘግባሉ። 24 አካባቢ የነበረው ድንገት ዜሮ ከሆነ ገመዱ ተነቅሏል ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል። ቮልቱ ደህና ሆኖ ሳተላይት ብቻ ከጠፋ አንቴናው ብረት ሥር ገብቶ፣ ተሸፍኖ ወይም በመረበሻ መሣሪያ ታፍኖ ይሆናል። ሹፌሩን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት የሚሆነው ይሄኛው ነው።

የሹፌሩ ሰዓትና የጂፒኤሱ ሰዓት ጨርሶ አይገጥምም። ማን ነው የሚዋሸው?

ማንም አይዋሽም። ከላይ ባለው ዝርዝር ከየሰዓቱ መጨረሻ ላይ ያለችው `Z` ሰዓቱ የዓለም አቀፍ ሰዓት መሆኑን ትናገራለች። የእኛን ለማግኘት 3 ሰዓት ትጨምራላችሁ፤ ወደ አቆጣጠራችን ለመመለስ 6 ትቀንሳላችሁ። ባጭሩ 3 መቀነስ ነው። 09:12 የሚለው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ12 ነው። ስልክ ላይ ያለው የባርኮድ ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ 3ቱ ቀድሞ የተጨመረበት ነው፤ ስለዚህ ከሱ ላይ 6 ነው የሚቀነሰው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መኪናው ከመጫኑ በፊት ደጀን ደርሶ ያገኘዋል።

ቀኑም ያሳስታል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ጉዞ በዓለም አቀፉ ሰዓት የትናንት ቀን ነው የሚጻፍበት። ሪፖርቱን በቀን የምትቆርጡ ከሆነ እነዚያ ሦስት ሰዓታት ወደ ሌላ ገጽ ይሄዱባችኋል። ከተማከሩ ይሻላል፤ ቢሮው ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ።

60 ጭኜ 57 ደረሰ። መኪናው ጎሃ ጽዮን ላይ 50 ደቂቃ ቆሟል። ነገሩ ግልጽ አይደለም?

ግልጽ ይመስላል። ጥር 6 ቀን 2017 የተጫነ ነው እንበልና መዝገቡን አንድ በአንድ እንየው።

በመጀመሪያ ማቆሚያውን። ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ነጥቦቹ ከተማው መሃል ዋናው መንገድ ዳር ናቸው። ዳገቱን የጨረሰ ሹፌር ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ጎማ ይነካካል፣ ምሳ ይበላል። 50 ደቂቃ ምንም አይደለም። እንዲያውም ሦስት ጆንያ ለማውረድ 50 ደቂቃ አያስፈልግም፤ ሁለት ጎበዝ ካለ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሳጥኗ በየ10 ደቂቃው የምትመዘግብ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ማቆሚያ በሁለት ነጥቦች መሃል ገብቶ ይቀር ነበር። ሌብነት የሚፈልግ ሰው ረጅሙን ማቆሚያ ሳይሆን አጭሩን ይፈልግ። የኛዋ በየሁለት ደቂቃው ስለምትመዘግብ ከቢቸና እስከ ከተማው መግቢያ የቆመባቸው ቦታዎች ሁሉ ይታያሉ፤ ከጎሃ ጽዮን ሌላ አጠያያቂ የለም።

አሁን ባርኮዱን። መድረሻው ላይ ያልተነበቡት 058፣ 059 እና 060 ናቸው። ቢቸና ላይ ሲጫን በስልኩ ሰዓት የተመዘገበው መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

```
056  09:39:48
057  09:40:31
058  09:41:12
059  09:41:14
060  09:41:15
```

ሰዓቶቹን ብቻ ተመልከቱ። ከ001 እስከ 058 ድረስ በእያንዳንዱ ንባብ መሃል 40 ሰከንድ ግድም አለ። ጫኝ አንድ ኩንታል ተሸክሞ ከክምሩ መኪናው ድረስ ሄዶ ሲመለስ የሚወስድበት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ሦስቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ አልቀዋል። በ3 ሰከንድ ሦስት ኩንታል የሚጭን ጉልበተኛ ጎጃም ውስጥም አይገኝም። ሦስቱ አንድ ቦታ እያሉ ነው የተነበቡት።

ይሄ ሌብነት ነው? ላይሆን ይችላል። ጸሐፊው ሦስቱ ጥግ ላይ ተደርድረው አይቶ «ያው ይጫናሉ» ብሎ አንብቧቸው፣ ጫኞቹ ካሳው ሞልቷል ብለው ትተዋቸው ሊሆን ይችላል። ወይም ሦስት ወረቀት በእጁ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ ጥፋተኛ አይነግራችሁም፤ ፍለጋውን ከየት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል። መጀመሪያ መጋዘኑን እዩ፣ ቀጥሎ ሹፌሩን ጠይቁ።

ከመጋዘን ሲወጣ መኪናው ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። ሦስት ኩንታል 300 ኪሎ ነው፤ ደህና የመኪና ሚዛን ባዶውንና የተጫነውን አነጻጽሮ ይህን አይስተውም። ምንም እንኳ ይህ ገጽ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቢሆንም፣ ለዚህ ዓይነት ጭነት የሚዛን ወረቀት ከሦስቱም የሚበልጥበት ቀን አለ።

አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል። መኪናው አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ገብቶ የሚራገፈው በማግስቱ ከሆነ ያደረበት ሌሊት ላይ ባርኮድ የለም፣ ጂፒኤሱም «ቆሟል» ከማለት ውጭ ምንም አይልም። ሸራው የታሰረበት ገመድ ላይ ቁጥር ያለው ማሸጊያ አድርጉ፤ ቁጥሩን ተረካቢው ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ያንሳ።

አርኤፍአይዲ ባስገባ ይህ ሁሉ አይቀርልኝም? በር ላይ አልፎ ሁሉም በራሱ ይቆጠራል ይላሉ።

በማስታወቂያው ላይ አዎ። ለጆንያ የሚሆነው ዓይነት ታግ ባትሪ የለውም፤ ከአንባቢው በሚመጣው ሞገድ ነው የሚነቃው። ሁኔታው ሲመች ከጥቂት ሜትሮች እስከ 10 ሜትር ድረስ ይነበባል፣ ማየትም አያስፈልግም፣ በሰከንድ ብዙ ታግ ይቆጥራል። አቧራና ጭቃ ግድ አይሰጠውም። ይህ ከባርኮድ በእውነት የሚሻልበት ነው።

ጠላቶቹ ሁለት ናቸው፦ ውኃና ብረት። ውኃ ሞገዱን ይውጠዋል፣ ብረት ይመልሰዋል። የእኛ ጫኝ ጆንያውን በትከሻው ይሸከማል፤ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ታጉ በማጅራቱ በኩል ከተጣበቀ በሩ ላይ ቢያልፍም አይነበብም። በውጭ በኩል ከሆነ ይነበባል። ስለዚህ «በራሱ ይቆጠራል» የተባለው ነገር ጆንያው በየትኛው ጎኑ ትከሻ ላይ እንደወጣ ይወሰናል ማለት ነው። ታጉን እንደ ባርኮዱ አፉ ላይ ሰፍቶ ማንጠልጠል ይህን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም።

መኪናው ሞልቶ አንባቢ ይዞ ዙሪያውን መዞርማ ተስፋ የለውም። ውጪ ያሉት ይነበባሉ፤ መሃል ላይ በሌሎች ጆንያዎች የተቀበሩት ይቀራሉ። 60 ጭናችሁ 44 ቢላችሁ 16 ጠፍቷል ማለት አይደለም። «አልተነበበም» እና «የለም» የተለያዩ ናቸው፤ አርኤፍአይዲ ይህን ልዩነት ሊነግራችሁ አይችልም።

በተቃራኒውም ይሳሳታል። በሩ አጠገብ ለነገ የተደረደረ ጭነት ካለ አንባቢው ሳይጠየቅ እሱንም ይቆጥራል። 60 ጭናችሁ 63 የሚላችሁ ያን ቀን ነው። የአንባቢውን ኃይል ቀንሶ፣ በሩን ነጻ አድርጎ መሞከር ያስፈልጋል።

ዋጋው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ታጉ ርካሽ ነው፤ ቋሚ አንባቢው፣ አንቴናውና ገጠማው ናቸው ውዶቹ፣ መብራት ሲጠፋም አብረው ይጠፋሉ። በቀን አንድ ሁለት አይሱዙ ለሚጭን መጋዘን አልመክርም። ቀኑን ሙሉ ተራ ይዘው የሚጭኑ መኪኖች ያሉት ትልቅ ማኅበር ከሆነ፣ ጭነቱም በፓሌትና በፎርክሊፍት የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሒሳቡ ይለወጣል። ለመግዛት ከተነሳችሁ አንባቢው በየትኛው የሬዲዮ ድግግሞሽ እንደሚሠራና አገር ውስጥ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአውሮፓና የአሜሪካ አንባቢ አንድ አይደለም።

ማርስ? ማር ነው የምልከው።

ማር በቆርቆሮ ከሆነ ተራ ታግ አታባክኑ፤ ብረቱ ዝም ያሰኘዋል። ለብረት ተብሎ የተሠራ ወፈር ያለ ታግ አለ፣ ዋጋውም ወፈር ያለ ነው። በፕላስቲክ ባልዲ ከሆነ ደግሞ ማሩ ራሱ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ታጉን ክዳኑ ላይ ወይም እጀታው ላይ አድርጉት። ባርኮድ ግን ቆርቆሮ ላይ ደህና አድርጎ ይለጠፋል።

የሹፌሩ ስልክ አይበቃም? በቴሌግራም ቦታውን ይልክልኛል።

ለአንድ ጉዞ ይበቃል፤ ለክርክር አይበቃም። ስልኩ የሱ ነው፤ ባትሪው ያልቃል፣ ዳታው ያልቃል፣ እሱ ምሳ ሲበላ ስልኩ አብሮት ነው። መኪናውን ሳይሆን ሰውዬውን ነው የምትከታተሉት። ኔትወርክ በሌለበት ያለፈውን መንገድም አጠራቅሞ አይልክላችሁም፤ ዓባይ በረሃ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በደጀን ተነስቶ በሞጣ በኩል ወይም በማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚመለስ መኪና ካላችሁ፣ የትኛውን መንገድ እንደያዘ ለማወቅ ግን ስልኩ ከበቂ በላይ ነው።

ጆንያው ደርሶ፣ ባርኮዱም ተነቦ፣ ውስጡ ያለው ጤፍ ተለውጦ ቢሆንስ?

ሦስቱም «ሁሉ ደህና» ይሏችኋል። ነጩ ወጥቶ ሠርገኛ ቢገባበት ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፣ ታጉም ያው ታግ ነው፣ መኪናውም በሰዓቱ ደርሷል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስፌቱ ነው። ለስፌት ማሽኑ ለየት ያለ ቀለም ያለው ክር ምረጡ፤ በእጅ ተፈትቶ የተሰፋ አፍ ቀዳዳዎቹ እጥፍ ይሆናሉ፣ በጣት ሲዳሰስም ይታወቃል። ከዚያ ደግሞ ናሙና ነው፤ ሲጫን ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት በማውጫ ተወስዶ፣ ታሽጎ፣ ተፈርሞበት፣ ከሹፌሩ ጋር ሳይሆን በሌላ ሰው እጅ ለተረካቢው የሚደርስ። ተረካቢው ሲያራግፍ ጆንያውን ወግቶ ከዚያ ናሙና ጋር መዳፉ ላይ ያስተያየዋል፤ እህል በረንዳ ላይ ድሮም የሚደረገው ይኸው ነው።